የባንክና የባለዕዳ ማረጋገጫ ደብዳቤዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ የኦዲት ሥራ ሲጀመር ጀማሪ ኦዲተሮችና የድርጅት ሒሳብ ሠራተኞች በየዓመቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የባንክ ስቴትመንት በእጃችን እያለ ለባንኩ ደብዳቤ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

ስቴትመንቱ ኦዲተሩ ዘንድ የሚደርሰው በድርጅቱ እጅ አልፎ ነው። በመካከል አንድ ገጽ ቢጎድል ወይም አንድ ቁጥር ቢለወጥ በወረቀቱ ላይ ላይታወቅ ይችላል። የማረጋገጫ ደብዳቤ ዋጋው ባንኩ የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ፣ በቀጥታ ለኦዲተሩ መንገሩ ነው። የዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ 505 ለውጭ ማረጋገጫ የሚሰጠው ትርጉም የቆመው በዚሁ «በቀጥታ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስቴትመንቱ ብዙ ነገር የማይናገር መሆኑ ነው። በስቴትመንት ላይ የሚታየው የአንድ ሒሳብ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ድርጅቱ በዚያው ባንክ ሌላ ሒሳብ እንዳለው፣ ሕንፃው ለማን ብድር በመያዣነት እንደተሰጠ፣ ለጨረታ ወይም ለቅድሚያ ክፍያ የወጣ የባንክ ዋስትና እንዳለ፣ ወይም ተቀማጩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደታገደ ከስቴትመንቱ አይነበብም። እኔ ባየሁት በደብዳቤው መልስ ላይ የሚያስደነግጠው የቀሪ ሒሳቡ ቁጥር ከሚሆን ይልቅ ማንም ያልጠቀሰው ዋስትና ወይም መያዣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

በባንኩ ደብዳቤ ውስጥ ምን ምን ይጠየቃል?

በሰኔ 30 ቀን የነበረው የእያንዳንዱ ሒሳብ ቀሪ፣ በዓመቱ ውስጥ የተዘጉ ሒሳቦች፣ የብድርና የኦቨርድራፍት ቀሪ ከወለድ መጠኑና ከመክፈያ ጊዜው ጋር፣ ለብድሩ የተያዘ ንብረት፣ ክፍት የሆኑ ሌተር ኦፍ ክሬዲቶች፣ በድርጅቱ ስም የወጡ ዋስትናዎች፣ እንዲሁም ሒሳቡን የማንቀሳቀስ ሥልጣን ያላቸው ፈራሚዎች ይጠየቃሉ። የሒሳብ ቁጥሮችን ስንዘረዝር «ከእነዚህ ሌላ በድርጅቱ ስም የሚገኝ ሒሳብ ካለ ይገለጽልን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መርሳት አይገባም፤ እሱ ከሌለ ባንኩ የተጠየቀውን ሒሳብ ብቻ መልሶ ዝም ሊል ይችላል።

ደብዳቤው ቀሪው ዜሮ ለሆነባቸውና ለዓመቱ ሙሉ ላልተንቀሳቀሱ ሒሳቦችም ይላካል። ያልተመዘገበ ብድር ወይም ዋስትና በመዝገብ ላይ የሚታይ ቀሪ ስለማይኖረው፣ ቀሪ ያላቸውን ባንኮች ብቻ መርጦ መላክ የሚያሳስበውን ነገር ትቶ ማለፍ ነው።

ደብዳቤውን ማን ያዘጋጃል? ማንስ ይልካል?

ደብዳቤው የሚጻፈው በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ነው፤ የሚፈርሙበትም ባንኩ የሚያውቃቸው ፈራሚዎች ናቸው። ባንኩ የደንበኛውን ምስጢር ለሌላ ወገን የሚገልጸው ደንበኛው ሲፈቅድለት ብቻ ስለሆነ ከዚህ ውጭ መንገድ የለም። ባንኩ ለአገልግሎቱ ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ ከሒሳቡ እንዲቀነስ የሚፈቅድ አንድ ዐረፍተ ነገር አብሮ ይገባል። ከፊርማና ከማኅተም በኋላ ግን ደብዳቤው ወደ ኦዲተሩ እጅ ይገባል፤ አድራሻውን የሚያጣራው፣ ለባንኩ መዝገብ ቤት የሚያስረክበው፣ በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን የሚያስመታው፣ መልሱንም የሚቀበለው ኦዲተሩ ነው።

የአድራሻ ማጣራት ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቅ የአሜሪካው ፐርግሪን ፋይናንሻል ግሩፕ ታሪክ ያሳያል። የኩባንያው ባለቤት ራስል ዋሰንዶርፍ የባንኩ ነው ብሎ ያስያዘው አድራሻ እሱ ራሱ የተከራየው የፖስታ ሣጥን ነበር። የማረጋገጫ ጥያቄው እሱ ዘንድ ይደርሳል፣ እሱ ሐሰተኛ ቁጥር ሞልቶ ይመልሳል፣ መልሱም ከባንክ የመጣ መስሎ ይታያል። በዚህ መንገድ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. ተቆጣጣሪው አካል ማረጋገጫውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ከባንኩ መጠየቅ ሲጀምር ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የደንበኞች ገንዘብ እንደሌለ ታወቀ። ዋሰንዶርፍ በ2013 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ደብዳቤው ሁሌም ተልኳል፣ መልሱም ሁሌም መጥቷል፤ የጎደለው «የተላከው በእርግጥ ወደ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተንኮል ሳይሆን በትሕትና ነው። አንድ ጊዜ የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ «ወደ ባንክ መሄዴ ስላልቀረ ይዤላችሁ መጣሁ» ብሎ ፖስታው ተከፍቶ መልሱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ሰውየውን አልጠረጠርኩትም፤ ያ መልስ ግን ለእኔ ከስቴትመንቱ የተሻለ ዋጋ ስለሌለው ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈን ራሳችን ሄደን ተቀበልን።

ከባለዕዳዎች ውስጥ ለየትኞቹ ይጻፋል?

መጀመሪያ የባለዕዳዎች ዝርዝር ድምር በዋናው ሌጀር ላይ ካለው የተሰብሳቢ ሒሳብ ጋር መስማማቱ ይታያል። ይህ ሳይረጋገጥ የሚመረጥ ናሙና ከየትኛው ዝርዝር እንደተመረጠ ራሱ አይታወቅም። ከዚያ ትላልቆቹ ቀሪዎች፣ ረጅም ጊዜ ያለፈባቸው፣ ከባለቤቶች ወይም ከሥራ አስኪያጆች ጋር ዝምድና ያላቸው፣ እንዲሁም በሰኔ ወር መጨረሻ ድንገት ያበጡ ሒሳቦች ይመረጣሉ። ከቀሪዎቹ ደግሞ በዕጣ የተወሰኑ ይወሰዳሉ።

ከልምድ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ገዥዎች፣ በተለይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ መዝገባቸው የተደራጀው በክፍያ ሰነድ እንጂ በአቅራቢ ስም አይደለም። «የሰኔ 30 ዕዳችሁ ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል። ቀሪው የቆመባቸው ደረሰኞች ቁጥር፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ተዘርዝሮ ከደብዳቤው ጋር ቢያያዝ ግን የሒሳብ ሠራተኛው ፋይሉን አውጥቶ ማመሳከር ይችላል፤ መልስ የመምጣት ዕድሉም በግልጽ ይጨምራል።

«ካልተስማማችሁ ብቻ መልሱልን» የሚለው ደብዳቤ ይበቃል?

ብዙውን ጊዜ አይበቃም። በዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል፤ ዝም ያለው ሰው ግን ደብዳቤውን ሳይከፍተው ጥሎት ይሆናል። ስታንዳርዱ ይህን መንገድ ብቻውን መጠቀም የሚፈቅደው የስህተት ሥጋቱ ዝቅተኛ ሆኖ የውስጥ ቁጥጥሩ በተግባር የተፈተሸ ሲሆን፣ ቀሪዎቹ ብዙ፣ ትናንሽና ተመሳሳይ ሲሆኑ፣ ልዩነት እምብዛም በማይጠበቅበትና ተቀባዮቹ ደብዳቤውን ችላ ይላሉ የሚያሰኝ ምክንያት በሌለበት ጊዜ ነው። አራቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው። ሃምሳ ስድሳ ነጋዴ ባለዕዳ ላለው አስመጪ ድርጅት ይህ የሚሟላበት ጊዜ አላጋጠመኝም።

ባለዕዳው ከመዝገቡ የተለየ ቁጥር ቢመልስስ?

ልዩነቱ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ስህተትም ትክክልም አይባልም። በእኛ አገር ዘወትር ከሚገጥሙት አንዱ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለው ተቀናሽ ግብር ነው። በ2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው 2 በመቶ ብንሄድ፣ 1,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታክሎበት በ1,150,000 ብር ይሸጣል። ገዥው ከታክሱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ 20,000 ብር ቀንሶ 1,130,000 ብር ይከፍላል፤ በእሱ መዝገብ ዕዳው አልቋል። ሻጩ ግን የተቀናሹ ደረሰኝ ካልደረሰው 20,000 ብሩን በተሰብሳቢነት እንደያዘ ይቀጥላል። ደረሰኙ ከተገኘ ገንዘቡ ከግብር የሚታሰብ እንጂ ከገዥው የሚሰበሰብ ስላልሆነ የሒሳብ ምድቡ ይስተካከላል።

ሌላው በጉዞ ላይ ያለ ክፍያ ወይም ዕቃ ነው፦ ገዥው ሰኔ 29 ያዘዘው ክፍያ ሐምሌ 2 ባንክ ይገባል። ይህ በሐምሌ ስቴትመንት ወዲያው ይታያል። ሊያሳስብ የሚገባው «ዕቃውን መልሰናል» ወይም «ይህን ደረሰኝ አናውቀውም» የሚል መልስ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ከአንድ ባለዕዳ ቢመጣም ላልተጻፈላቸው ባለዕዳዎች ጭምር ጥያቄ ያስነሳል።

ባንኩ መልስ ባይሰጥ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ ያልመጣበት ምክንያት ይፈለግ። በተደጋጋሚ የማገኛቸው ምክንያቶች ተራ ናቸው፦ በደብዳቤው ላይ የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ተቀይሮ ፊርማው ባንኩ ዘንድ ካለው ናሙና ጋር አልገጠመም፤ ማኅተም ተረስቷል፤ ለክፍያው ከየትኛው ሒሳብ እንደሚቀነስ አልተገለጸም፤ ወይም ብድሩና ዋስትናው ያሉት በዋናው መሥሪያ ቤት ሲሆን ደብዳቤው የገባው ለቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ የገባ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ፣ የገቢ ቁጥሩን ይዞ በአካል መሄድ ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጻፍ ይፈጥናል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በመሆኑ በመስከረም የሚጀመር ክትትል ከጊዜ ጋር ያጋጫል።

መልሱ ጨርሶ ካልመጣ ቀሪ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ኦዲተሩ ከድርጅቱ ፈራሚ ጋር ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ የሰኔንና የሐምሌን ስቴትመንት ማኅተም ተደርጎበት ከመስኮቱ ራሱ ይቀበላል፤ ወይም ድርጅቱ የኢንተርኔት ባንክ የሚጠቀም ከሆነ ከጎን ተቀምጦ ሠራተኛው ሲገባ ያያል፣ አድራሻውን ያስተውላል፣ የሰኔ 30 ቀሪውን ከማያ ገጹ ላይ ይመዘግባል። ከዚያ በማስታረቂያው ላይ ያሉት ያልተመነዘሩ ቼኮችና ያልገቡ ተቀማጮች በሐምሌ ስቴትመንት መመንዘራቸውና መግባታቸው አንድ በአንድ ይታያል።

ይህ ሁሉ ግን ዋስትናንና መያዣን አያሳይም። እነዚህን ለማሰስ የምመክረው ቦታ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ሒሳብ ነው፤ ባንክ ዋስትናን በነጻ ስለማይሰጥ የኮሚሽን ክፍያ ካለ ከጀርባው ዋስትና አለ። ከዚያ በተጨማሪ የቦርድ ወይም የባለአክሲዮኖች ቃለ ጉባኤ፣ የብድር ውሎች፣ ድርጅቱ የተሳተፈባቸው ጨረታዎች፣ የንብረት ማስረጃዎች ዋና ቅጂ የት እንደሚገኝ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ «ካርታው ባንክ ነው» ካለ ለምን ባንክ እንደሆነ ይጠየቃል። እንዲህም ሆኖ ያልተመዘገበ ግዴታ የለም ብሎ በሙሉ ልብ መናገር ያስቸግራል፤ ስለዚህ የባንክ ደብዳቤን ክትትል ቶሎ መተው አይገባም።

ባለዕዳው ምንም ቢለመን ባይመልስስ? የአማራጭ ሥራው እንዴት ይሠራል?

ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ በስልክም ተጠይቆ ካልተመለሰ ወደ አማራጭ ሥራ ይኬዳል። አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪን በምሳሌነት እንውሰድ። ከባለዕዳዎቹ አንዱ የሆነ ሥራ ተቋራጭ በሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. 1,782,500 ብር እንዳለበት መዝገቡ ያሳያል፤ ሥራ ተቋራጩ ግን አልመለሰም። ቀሪው የቆመው በሦስት የዱቤ ደረሰኞች ላይ ነው፦ በግንቦት የተቆረጠ 690,000 ብር፣ በሰኔ መጀመሪያ የተቆረጠ 575,000 ብር፣ ሰኔ 28 የተቆረጠ 517,500 ብር።

የመጀመሪያው እርምጃ ከሰኔ 30 በኋላ የገባ ገንዘብ መፈለግ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥ አማራጭ ማስረጃ እሱ ነውና። በባንክ ስቴትመንቱ ላይ ሐምሌ 19 ቀን 678,000 ብር፣ ነሐሴ 12 ቀን 565,000 ብር ገብቷል። የመጀመሪያው 690,000 ከተቀናሹ 12,000 ብር ሲቀነስ፣ ሁለተኛው 575,000 ከተቀናሹ 10,000 ብር ሲቀነስ ልክ ይመጣል፤ ሁለቱ ተቀናሾች የየደረሰኞቹ ከታክስ በፊት ዋጋ፣ የ600,000ና የ500,000 ብር፣ 2 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም ክፍያው ለእነዚያው ደረሰኞች እንጂ ለሐምሌ ሽያጭ እንዳልሆነ ይታወቃል። የከፋዩ ስምም በባንክ ማስረጃው ላይ መታየት አለበት። በካዝና የተቀመጠ ወደፊት የሚመነዘር ቼክ ግን ገንዘብ ስላልሆነ እንደ ክፍያ አይቆጠርም፤ የገቢ ደረሰኝ ጥራዝም ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ደረሰኝ አልተከፈለም። በዚህ ጊዜ ዕቃው በእርግጥ መረከቡን ወደሚያሳዩት ሰነዶች እንዞራለን፦ የገዥው ማዘዣ፣ የመጋዘን ወጪ ሰነድ፣ በገዥው ተወካይ የተፈረመ ማስረከቢያ። ደረሰኙ ሰኔ 28 ቢልም መጋዘን ጠባቂው የመዘገበው የመኪና መውጫና በማስረከቢያው ላይ ያለው ፊርማ ሐምሌ 3 ይላሉ። የሰኔ 30 የቆጠራ ሉህ ሲገለጥ ያው ዕቃ በመጋዘን ተቆጥሮ ተገኘ። አንድ ዕቃ በክምችትም በተሰብሳቢም ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ 450,000 ብሩ ሽያጭ የ2016 ገቢ አይሆንም፤ ተሰብሳቢውም በዚያው መጠን ከነታክሱ ይስተካከላል፤ የታክሱ ጉዳይ ደረሰኙ መቆረጡን ይዞ ለብቻው ይታያል። ቀጥሎም በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የተቆረጡ ሌሎች ደረሰኞች ከማስረከቢያዎቻቸው ጋር መመሳከር አለባቸው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ብቻውን የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማረጋገጫም ሆነ አማራጭ ሥራ ዕዳው መኖሩን እንጂ መሰብሰቡን አያሳይም። «አዎ፣ አለብኝ» ብሎ የፈረመ ባለዕዳ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ የመሰብሰቡ ነገር በአጠራጣሪ ዕዳ ግምት ውስጥ ለብቻው ይመረመራል።

በስልክ፣ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ መልስ ይያዛል?

በቃል የተሰጠ መልስ የውጭ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለፍንጭነት ይመዘገባል፣ ሰውየውም በጽሑፍ እንዲልክ ይጠየቃል። በኢሜይል የመጣ ግን መነሻው ከተጣራ ሊያዝ ይችላል። ማጣራት ማለት አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ማየት፣ ከዚያም በኢሜይሉ ግርጌ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ በተገኘ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደውሎ ላኪው ማን እንደሆነና የፈረመው ሥልጣን እንዳለው መጠየቅ ነው።

በቴሌግራም የተላከ ፎቶ፣ በተለይም በድርጅቱ የሽያጭ ሠራተኛ በኩል ዞሮ የመጣ ከሆነ፣ ለእኔ መልስ ያልመጣ ያህል ነው። የፊርማው ቅርጽ፣ የማኅተሙ ጥራት ወይም የቃላቱ አጻጻፍ በድርጅቱ ከተዘጋጀ ሰነድ ጋር ሲመሳሰል ደግሞ ጥያቄው ከማረጋገጫ ወደ ማጭበርበር ሥጋት ይሸጋገራል፤ ለኦዲት ቡድኑ ኃላፊ በዚያው ቀን ሊነገር ይገባል።

ሥራ አስኪያጁ «ለዚህ ባለዕዳ አትጻፉ» ቢልስ?

ምክንያቱ ይጠየቃል፣ ምክንያቱንም የሚደግፍ ማስረጃ ይፈለጋል። በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ያለ ዕዳ ወይም የተጀመረ ድርድር ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የክሱ ፋይል ወይም የድርድሩ ጽሑፍ ይታያል፣ አማራጭ ሥራውም በዚያ ባለዕዳ ላይ ይሠራል። «ደንበኛችን ይከፋብናል» የሚለው ግን ሁሌም የሚባል ነው። ደብዳቤው የክፍያ ጥያቄ አለመሆኑን በራሱ ላይ በግልጽ በመጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል።

ክልከላው በቂ ምክንያት ከሌለው፣ ወይም አማራጭ ሥራው ማስረጃ ካላስገኘ፣ ጉዳዩ ለቦርዱ ወይም ለባለቤቶቹ በጽሑፍ ይቀርባል። ለተከለከለው ባለዕዳ የተደረገው ሁሉ፣ ክልከላውን የተናገረው ማን እንደሆነና ቀኑም ጭምር፣ በሥራ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት።

መልስም ካልመጣ፣ አማራጭ ሥራውም ካልተሳካ አስተያየቱ ምን ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ ለባለዕዳ ቀሪዎች አማራጭ ሥራው ይበቃል። የማይበቃባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ማስረጃው ከድርጅቱ ውጭ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ለምሳሌ በሌላ ወገን መጋዘን ወይም አካውንት የተያዘ ሀብት፤ ወይም የማኔጅመንቱ ሰዎች ሰነድ ሊያዘጋጁ ይችላሉ ተብሎ ሲጠረጠር። ያኔ በድርጅቱ እጅ የተዘጋጀ ማስረከቢያ መቶ ቢደራረብ መልሱን አይተካም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርዶች ስለሚሠሩ፣ ውሳኔው በስታንዳርድ 705 ይመራል። ማስረጃ ያልተገኘበት መጠን ጉልህ ሆኖ በአንድ ሒሳብ ላይ ብቻ ከተወሰነ «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር» የሚል አስተያየት ይሰጣል። ዳፋው በመላው የሒሳብ መግለጫ ላይ የሚንሰራፋ ከሆነ ኦዲተሩ አስተያየት ለመስጠት አለመቻሉን ይገልጻል። በዚህ ጊዜ በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር «መልስ አልመጣም» ሳይሆን፣ የየትኛው ቀሪ፣ ስንት ብር፣ ማስረጃውንም በሌላ መንገድ ለማግኘት ያልተቻለበት ምክንያት ነው። ዘግይቶ የመጣ መልስ ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ከደረሰ ተከፍቶ ይነበባል፣ ከአማራጭ ሥራው ውጤት ጋርም ይመሳከራል። የግንባታ ዕቃ አስመጪው ሥራ ተቋራጭ በጥቅምት አጋማሽ መልሱን ቢልክ፣ በደብዳቤው ላይ የምንጠብቀው ቁጥር 1,782,500 ሳይሆን ሐምሌ 3 የተረከበው ዕቃ 517,500 ብር ተቀንሶ የሚቀረው 1,265,000 ብር ነው።